የኤል.ዲ.ኤል ኮሌስትሮል በስሌት የሚገኝበት መንገድና ትራይግሊሰራይድ ሲያሻቅብ የሚፈጠረው ስህተት

በጤና ተቋማት የደም ቅባት ምርመራ የሚያደርጉ ሰዎች በሚሰጣቸው የውጤት ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት አሃዞች ሰፍረው ይገኛሉ። እነዚህም ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤች.ዲ.ኤል ኮሌስትሮል፣ ትራይግሊሰራይድና ኤል.ዲ.ኤል ኮሌስትሮል ናቸው። ሐኪሙም ሆነ ተመርማሪው ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሰጡት በተለምዶ "መጥፎ ኮሌስትሮል" እየተባለ ለሚጠራው ለኤል.ዲ.ኤል ነው። መድኃኒት ይጀመር፣ መጠኑ ይጨመር ወይም ባለበት ይቀጥል የሚለው ውሳኔ በአመዛኙ የሚመሰረተው በዚህ አሃዝ ላይ በመሆኑ ትኩረቱ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ በብዙ ላቦራቶሪዎች ከአራቱ አሃዞች ውስጥ በመሳሪያ የሚለኩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ኤል.ዲ.ኤል የሚገኘው ከሦስቱ ውጤቶች ላይ በመደመርና በመቀነስ፣ ማለትም በስሌት ነው። አራቱም አሃዞች በአንድ ዓይነት ፊደል ተራ በተራ ታትመው ስለሚወጡ የትኛው የተለካ፣ የትኛው ደግሞ የተሰላ መሆኑን አንባቢው ለመለየት ይቸገራል። ስሌቱ ለአብዛኛው ሰው አጥጋቢ ውጤት የሚሰጥ ቢሆንም ትራይግሊሰራይድ በጣም ከፍ ባለ ጊዜ ግን የኤል.ዲ.ኤልን መጠን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። በዚህም ምክንያት ሕክምናው ሊጠናከርለት የሚገባ ሰው "ውጤትህ ጥሩ ነው" ተብሎ ሊሸኝ ይችላል።

የስሌቱ አመጣጥ

ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ ቅባቶች በመሆናቸው በደም ውስጥ ሟሙተው ሊዘዋወሩ አይችሉም። ስለሆነም ሊፖፕሮቲን በሚባሉ ጥቃቅን ተሸካሚዎች ውስጥ ተጭነው ይጓዛሉ። ምግብ ባልተበላበት ሰዓት በደም ውስጥ የሚገኙት ዋና ዋና ተሸካሚዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ኤች.ዲ.ኤል ሲሆን ሁለተኛው ኤል.ዲ.ኤል ነው። ሦስተኛው በጉበት የሚመረተውና በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ፣ በመጠኑም ኮሌስትሮል የሚሸከመው ቪ.ኤል.ዲ.ኤል የተሰኘው ነው። የጠቅላላ ኮሌስትሮል መጠን በእነዚህ ሦስት ተሸካሚዎች ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ድምር ነው ማለት ይቻላል።

የኤል.ዲ.ኤልን ድርሻ ለይቶ ለመለካት አስቀድሞ ይሠራበት የነበረው ዘዴ የደሙን ውሃማ ክፍል፣ ማለትም ሴረሙን፣ እጅግ ከፍተኛ ፍጥነት ባለው ማሽከርከሪያ ለብዙ ሰዓታት በማሽከርከር ተሸካሚዎቹን በእፍግታቸው መለየት ነበር። ማሽኑ ውድ፣ ሥራውም ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ ለዕለት ተዕለት የሆስፒታል አገልግሎት የሚመች አልነበረም።

ይህን ችግር ለማቃለል ዊሊያም ፍሪድዋልድ፣ ሮበርት ሌቪና ዶናልድ ፍሬድሪክሰን የተባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1972 ክሊኒካል ኬሚስትሪ በተሰኘው መጽሔት ላይ ቀላል ቀመር አቀረቡ። ቀመሩን የፈተሹት ከ448 ሰዎች የተገኘውን የማሽከርከሪያ ውጤት ከስሌቱ ውጤት ጋር በማነጻጸር ነበር። ይኸው ቀመር በመሪ ተመራማሪው ስም "የፍሪድዋልድ ቀመር" ተብሎ እስከ ዛሬ በበርካታ የዓለም ላቦራቶሪዎች ሥራ ላይ ይገኛል። በውጤት ወረቀት ላይ ከሚታዩት አጽሕሮተ ቃላት ጋር ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

```
LDL-C = TC − HDL-C − (TG / 5)
```

በዚህ ቀመር የመጀመሪያው ጠቅላላ ኮሌስትሮልን፣ ሁለተኛው ኤች.ዲ.ኤል ኮሌስትሮልን፣ የመጨረሻው ደግሞ ትራይግሊሰራይድን ያመለክታል። ሁሉም የሚገለጹት በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ውጤቱን በሚሊሞል በሊትር በሚገልጹ አገሮች ትራይግሊሰራይድ የሚካፈለው ለ5 ሳይሆን ለ2.2 ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት አሃዞች በሙሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር የተሰሉ ናቸው።

ለአብነት ያህል ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 200፣ ኤች.ዲ.ኤሉ 45፣ ትራይግሊሰራይዱ 125 የሆነ ሰው ቢኖር፣ 125 ለ5 ሲካፈል 25 ይሆናል። ከ200 ላይ 45 እና 25 ሲቀነስ 130 ይቀራል። ላቦራቶሪው የኤል.ዲ.ኤል ኮሌስትሮል ብሎ የሚያስመዘግበው ይህንኑ ቀሪ ነው።

ለ5 የማካፈል ምክንያት

የቀመሩ ቁልፍ ያለው 5 በሚለው አሃዝ ላይ ነው። ከሦስቱ ተሸካሚዎች ውስጥ በቪ.ኤል.ዲ.ኤል ላይ የተጫነውን ኮሌስትሮል በቀላሉ መለካት አይቻልም። ነገር ግን በባዶ ሆድ በተወሰደ ደም ውስጥ አብዛኛው ትራይግሊሰራይድ የሚገኘው በዚሁ በቪ.ኤል.ዲ.ኤል ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ በመረመሯቸው አብዛኞቹ ሰዎች ላይ በቪ.ኤል.ዲ.ኤል ውስጥ ለአንድ ሚሊግራም ኮሌስትሮል በአማካይ አምስት ሚሊግራም ያህል ትራይግሊሰራይድ እንደሚገኝ አስተዋሉ። ስለዚህ የተለካውን ትራይግሊሰራይድ ለ5 በማካፈል ያልተለካውን የቪ.ኤል.ዲ.ኤል ኮሌስትሮል መገመት ይቻላል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው 5 አማካይ እንጂ የማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የጭነት መኪኖቹን ቁጥር ብቻ ተመልክቶ "እያንዳንዱ መኪና በአማካይ ይህን ያህል ኩንታል ይጭናል" በሚል ስሌት የመጋዘኑን ክምችት ቢገምት፣ መኪኖቹ እንደተለመደው ሲጭኑ ግምቱ ከእውነታው ብዙም አይርቅም። የጭነቱ ዓይነትና መጠን ሲለወጥ ግን ያው ስሌት የተሳሳተ ሪፖርት ያስገኛል። በደም ቅባት ስሌት ላይ የሚደርሰውም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው።

ስሌቱ የሚዛባበት ሁኔታ

ትራይግሊሰራይድ ከፍ ሲል የተሸካሚዎቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይዘታቸውም ይለወጣል። ጉበት ከልክ ያለፈ ቅባት በሚደርሰው ጊዜ የሚያመርታቸው የቪ.ኤል.ዲ.ኤል ቅንጣቶች ግዙፍና በትራይግሊሰራይድ የታጨቁ ይሆናሉ። በእነዚህ ቅንጣቶች ውስጥ ለአንድ ሚሊግራም ኮሌስትሮል የሚደርሰው ትራይግሊሰራይድ ከአምስት አልፎ ሰባት፣ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ቀመሩ ግን ይህን ለውጥ ስለማያውቅ እንደ ወትሮው ለ5 ያካፍላል። በዚህም የተነሳ የቪ.ኤል.ዲ.ኤል ኮሌስትሮልን ከእውነተኛው በላይ አብዝቶ ይቀንሳል፤ ቀሪው ኤል.ዲ.ኤልም በዚያው ልክ ያንሳል።

የስህተቱ ክብደት የሚወሰነው በትራይግሊሰራይድ መጠን ነው። ትራይግሊሰራይዱ 100 በሆነ ሰው ላይ ትክክለኛው አካፋይ 8 ሆኖ ሳለ ለ5 ቢካፈል፣ ሊቀነስ የሚገባው 12.5 ሲሆን የተቀነሰው ግን 20 ይሆናል። ልዩነቱ 7.5 ብቻ በመሆኑ በሕክምናው ውሳኔ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ አነስተኛ ነው። ትራይግሊሰራይዱ 600 በሆነ ሰው ላይ ግን ሊቀነስ የሚገባው 75 ሆኖ ሳለ 120 ይቀነሳል። በዚህ ጊዜ ኤል.ዲ.ኤል በ45 ሚሊግራም አንሶ ይታያል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ካይሎማይክሮን ከሚባሉት ተሸካሚዎች ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ከተመገብነው ምግብ የተገኘውን ቅባት ከአንጀት ወደ ደም የሚያስገቡ ትላልቅ ቅንጣቶች ሲሆኑ ጭነታቸው ከሞላ ጎደል ትራይግሊሰራይድ ነው። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ከምግብ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠፋሉ። ትራይግሊሰራይዱ እጅግ ከፍ ባለ ሰው ደም ውስጥ ግን ምግብ ባይበላም ሊቆዩ ይችላሉ። ቀመሩ የእነዚህንም ትራይግሊሰራይድ በቪ.ኤል.ዲ.ኤል ውስጥ እንዳለ ቆጥሮ ለ5 ስለሚያካፍል፣ ያልነበረ ኮሌስትሮል ከድምሩ ላይ ይቀንሳል።

የቀመሩ ደራሲዎች ይህን ችግር ከመነሻው ተገንዝበውት ነበር። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሚሊግራም በላይ በሆነ ጊዜ ቀመሩ እንዳይሠራበት በዚያው በ1972ቱ ጽሑፋቸው አሳስበዋል። በሚሊሞል ሲገለጽ ይህ ገደብ 4.5 ገደማ ነው። ካይሎማይክሮን በተገኘበት ደም ላይም ሆነ "ሦስተኛው ዓይነት" በሚባለው ብርቅዬ የደም ቅባት መታወክ ላይ ቀመሩ አይሠራም። በዚህ በኋለኛው ሕመም ቅንጣቶቹ ከመጠን በላይ ኮሌስትሮል ስለሚሸከሙ ስህተቱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄዶ ኤል.ዲ.ኤልን አግንኖ ያሳያል።

ከ400 በታችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል

ብዙ ላቦራቶሪዎች ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ የኤል.ዲ.ኤልን ቦታ ባዶ ይተዉታል፤ ወይም "ማስላት አይቻልም" የሚል ማስታወሻ ያሰፍራሉ። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። ሆኖም ግን ስህተቱ የሚጀምረው 400 ላይ ሲደርስ አይደለም። ትራይግሊሰራይድ ከ150 አካባቢ ጀምሮ እየጨመረ ሲሄድ ስህተቱም አብሮ ያድጋል። በተለይ ኤል.ዲ.ኤሉ ዝቅተኛ በሆነ ሰው ላይ፣ ከትንሽ አሃዝ ላይ ትልቅ ግምት ስለሚቀነስ፣ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል።

የሚከተለው ምሳሌ ሁኔታውን ግልጽ ያደርገዋል። የስኳር ሕመም ያለበትና ቀደም ሲል የልብ ሕመም ያጋጠመው፣ ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት የሚወስድ የ56 ዓመት ሰው አለ እንበል። ሐኪሙ ኤል.ዲ.ኤሉ ከ70 በታች እንዲወርድ ዒላማ አስቀምጦለታል። በምርመራው ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 170፣ ኤች.ዲ.ኤሉ 30፣ ትራይግሊሰራይዱ 380 ሆኖ ተገኘ። በፍሪድዋልድ ቀመር መሠረት 380 ለ5 ሲካፈል 76 ይሆናል። ከ170 ላይ 30 እና 76 ሲቀነስ 64 ይቀራል። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በታች በመሆኑ ላቦራቶሪው ይህን አሃዝ ያለምንም ማስታወሻ ያወጣል። ወረቀቱን የተመለከተም ሰውየው ዒላማውን እንዳሳካ ይቆጥራል።

የእነዚሁ የሦስቱ ልኬቶች ውጤት በአዲስ ቀመር ሲሰላ ግን የተለየ መልክ ይይዛል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩት ሞሪን ሳምሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2020 ባወጡት ቀመር የዚህ ሰው ኤል.ዲ.ኤል 79 ገደማ ይሆናል። የ64 እና የ79 ልዩነት 15 ብቻ ቢሆንም አንደኛው ከዒላማው በታች፣ ሌላኛው ከዒላማው በላይ በመሆናቸው የሚያስከትሉት ውሳኔ ለየቅል ነው። በመጀመሪያው አሃዝ ሕክምናው ባለበት ይቀጥላል። በሁለተኛው ግን ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ለመጨመር ወይም ሌላ መድኃኒት ለማከል ያስባል።

በዚህ ላይ የልኬት መዋዠቅ ይታከልበታል። የአንድ ሰው ትራይግሊሰራይድ ከቀን ወደ ቀን ከሌሎቹ የደም ቅባቶች ይበልጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ትራይግሊሰራይዱ 100 በሆነ ሰው ላይ የአስር በመቶ ለውጥ ቢኖር በኤል.ዲ.ኤል ስሌት ላይ የሚያመጣው ለውጥ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ሰው ላይ ግን ያው የአስር በመቶ ለውጥ ከ7 ሚሊግራም በላይ ያንቀሳቅሰዋል።

ስህተቱን ለይቶ ማወቂያ መንገዶች

ስህተቱ ጽንፍ ሲይዝ ራሱን ያጋልጣል። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 260፣ ኤች.ዲ.ኤሉ 28፣ ትራይግሊሰራይዱ 1,200 የሆነ ሰው ውጤት በቀመሩ ቢሰላ፣ ከ260 ላይ 28 እና 240 ተቀንሶ ከዜሮ በታች 8 ይሆናል። ከዜሮ በታች የሆነ ኮሌስትሮል በተፈጥሮ ሊኖር አይችልም። አስቸጋሪው ግን አሃዙ ከዜሮ በታች የወረደበት ሳይሆን 40 ወይም 60 ሆኖ እውነት የሚመስልበት ጊዜ ነው።

ስለሆነም የውጤት ወረቀት የሚያነብ ሰው ከኤል.ዲ.ኤል አስቀድሞ የትራይግሊሰራይድን አሃዝ መመልከት ይኖርበታል። ከ150 በታች ከሆነና ኤል.ዲ.ኤሉም በጣም ዝቅተኛ ካልሆነ ስሌቱ አመኔታ የሚጣልበት ነው። ከ200 እስከ 400 ባለው መካከል ከሆነ ኤል.ዲ.ኤሉ አንሶ ሊታይ እንደሚችል መገመት ይገባል። ከ400 በላይ ሆኖ በፍሪድዋልድ ቀመር የተሰላ አሃዝ ከተጻፈ ግን አሃዙን ለውሳኔ መጠቀም አይገባም። አሃዙ የተለካ ይሁን የተሰላ በወረቀቱ ላይ ካልተገለጸም ላቦራቶሪውን መጠየቅ የተመርማሪው መብት ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያው ደግሞ ተጨማሪ ምልክት አለው። ትራይግሊሰራይዱ እጅግ የጨመረ ሰው ሴረም ጥርት ያለ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። እንዲህ ያለውን ሴረም ማቀዝቀዣ ውስጥ በማሳደር ካይሎማይክሮን መኖሩን ማየት ይቻላል፤ ቅንጣቶቹ እንደ ወተት ስልባቦት ከላይ ይንሳፈፋሉና።

ደሙ የተወሰደው በባዶ ሆድ መሆን አለመሆኑም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ በ2018 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ከምግብ በኋላ በተወሰደ ደም ትራይግሊሰራይድ 400 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ምርመራው በባዶ ሆድ እንዲደገም ይመክራል። እዚህ ላይ በአገራችን የሚፈጠር አንድ አለመግባባት አለ። ላቦራቶሪው "ጾመው ይምጡ" ሲል ከውሃ በስተቀር ምንም ሳይወሰድ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መቆየትን ማለቱ እንጂ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ መከልከልን ማለቱ አይደለም። ጠዋት በዘይት የተሠራ ሽሮ በእንጀራ የበላ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ የጠጣ ሰው በሃይማኖቱ ሥርዓት ጾመኛ ቢሆንም ለዚህ ምርመራ በባዶ ሆድ እንዳለ አይቆጠርም።

አማራጭ ዘዴዎች

የመጀመሪያው አማራጭ ምንም ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤች.ዲ.ኤልን ብቻ በመቀነስ የሚገኘው አሃዝ "ኤች.ዲ.ኤል ያልሆነ ኮሌስትሮል" ይባላል። ይህ አሃዝ በኤል.ዲ.ኤልም ሆነ በቪ.ኤል.ዲ.ኤል ውስጥ ያለውን፣ የደም ሥርን ሊያጠብ የሚችለውን ኮሌስትሮል በአንድነት ይይዛል። ትራይግሊሰራይድ በስሌቱ ውስጥ ስለማይገባም ለ5 ማካፈል የሚያስከትለው ስህተት አይነካውም። ዒላማው ለኤል.ዲ.ኤል ከተቀመጠው ላይ 30 ተጨምሮ ይወሰናል። ከላይ በቀረበው ምሳሌ የሰውየው ኤች.ዲ.ኤል ያልሆነ ኮሌስትሮል ከ170 ላይ 30 ተቀንሶ 140 ነው። ዒላማው 100 መሆን ሲገባው በ40 በልጦ ተገኝቷል። በኤል.ዲ.ኤል አሃዝ ተሸፍኖ የቆየው ችግር በዚህ በአንድ መቀነስ ብቻ ይገለጣል።

ሁለተኛው አማራጭ የተሻሻሉ ቀመሮችን መጠቀም ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ሴት ማርቲንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2013 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ውጤት ላይ ተመሥርተው ባወጡት ዘዴ ለሁሉም ሰው 5 በሚለው አካፋይ ፈንታ እንደ ግለሰቡ ውጤት የሚለዋወጥ አካፋይ ከሠንጠረዥ ይመረጣል። ይህም አካፋይ ከ3.1 እስከ 11.9 ይደርሳል። ከላይ የተጠቀሰው የ2020ው ቀመር ደግሞ ትራይግሊሰራይድ እስከ 800 እስኪደርስ ድረስ ሊሠራበት ይችላል። ሁለቱም ዘዴዎች የሚጠይቁት ላቦራቶሪው ቀድሞም የሚለካቸውን ሦስት አሃዞች ብቻ በመሆኑ አዲስ ኬሚካል መግዛት ሳያስፈልግ የኮምፒዩተር ስሌቱን በመቀየር ሥራ ላይ ሊውሉ ይችላሉ።

ሦስተኛው አማራጭ ኤል.ዲ.ኤልን በኬሚካል ዘዴ በቀጥታ መለካት ነው። ይህ ተጨማሪ ወጪ የሚጠይቅ ሲሆን እጅግ ወተት በመሰለ ሴረም ላይ እሱም ሊሳሳት ይችላል። አፖ ቢ የተባለውን ፕሮቲን መለካትም ሌላው መንገድ ነው። እያንዳንዱ የኤል.ዲ.ኤልም ሆነ የቪ.ኤል.ዲ.ኤል ቅንጣት አንድ አፖ ቢ ብቻ ስለሚይዝ ልኬቱ የቅንጣቶቹን ብዛት ያመለክታል።

ትራይግሊሰራይድ ከ500 በላይ ሲሆን፣ በተለይም ወደ 1,000 ሲጠጋ፣ የኤል.ዲ.ኤል ጉዳይ ለጊዜው ሁለተኛ ደረጃ ይይዛል። በዚህ ደረጃ ላይ ድንገተኛና ለሕይወት አስጊ የሆነ የቆሽት መቆጣት ሊከሰት ስለሚችል ቅድሚያ የሚሰጠው ትራይግሊሰራይዱን ለማውረድ ነው። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር ሕመም፣ አልኮል አብዝቶ መጠጣት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከምና አንዳንድ መድኃኒቶች ለጭማሪው ዋና ዋና መንስኤዎች በመሆናቸው ሐኪሙ እነዚህን ይመረምራል። መንስኤው ታክሞ ትራይግሊሰራይዱ ሲወርድ ኤል.ዲ.ኤልን እንደገና ማስላት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ኤል.ዲ.ኤሉ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ቢገኝ የግድ ሕመሙ ተባብሷል ማለት አይደለም፤ ቀድሞ በስሌቱ ምክንያት አንሶ ይታይ የነበረው መጠን በትክክል መታየት መጀመሩ ሊሆን ይችላል።